ዓይን ለምን ቢጫ ይሆናል?

አንድ ጎረቤታችን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሽንቱም ጠቆረ። «ወፍ በላዬ በርራ ነው» አለ። የወፍ በሽታ ግን ከወፍ አይመጣም። ነገሩ ያለው ከጉበት ዘንድ ነው።

በደማችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቀይ ሕዋሳት አሉ። አንዱ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ያረጅና ይፈርሳል። ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጉበት ይህን ቢጫ ከደም ለቅሞ፣ በውሃ እንዲሟሟ አድርጎ፣ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። የዓይነ ምድር ቡናማ መልክም ከዚሁ ይመጣል።

ጉበት ሲታመም ቢጫው በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ዓይን ቢጫ ይሆናል። የሟሟው በሽንት ሲወጣ ሽንት ይጠቁራል። የሐሞት መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ዓይነ ምድር ይነጣል። ወባም ቀይ ሕዋሳትን በብዛት ሲያፈርስ ዓይን ቢጫ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን የሚለየው ምርመራ ነው።

ጎረቤታችን ሥር ቀጥቅጦ በአረቄ ሊጠጣ ነበር። መርዝን የሚያከሽፈው ግን ያው ጉበት ነው። በታመመ ጉበት ላይ ይህን መጨመር በወደቀ አህያ ላይ ጭነት መጫን ነው። ሥሩን ትቶ ጤና ጣቢያ ሄደ። ደሙ ሲመረመር ጉበቱን ያሳመመው ቫይረስ ሆኖ ተገኘ።