«አመጣለሁ» ያለው ማን ነው? የተናጋሪ መለያው የተሳሳተ ግልባጭ ሲያጋጥማችሁ

አንድ ስብሰባ በስልክ ተቀዳ እንበል። ቅጂውን ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር ፕሮግራም ሰጣችሁት፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግልባጩ ወጣ። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ SPEAKER_00፣ SPEAKER_01 የሚል መለያ አለ። የእናንተ ሥራ ማን ምን እንዳለ በአንድ ገጽ ማጠቃለል ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ ግን ቃሉ በትክክል ተጽፎ ባለቤቱ ሊሳሳት መቻሉ ነው። ያኔ አንድ ሰው ያልገባውን ቃል «ለምን አልፈጸምክም?» ተብሎ ይጠየቃል።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ መለያውን ከየት እንደሚያመጣው እንይ። ፕሮግራሙ ማንንም በስም አያውቅም። ቅጂውን ወስዶ ንግግር ያለበትን ክፍል ከዝምታው ይለያል፤ ከዚያ ንግግሩን አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ገደማ ወደሚሆኑ ቁርጥራጮች ይከፋፍላል። እያንዳንዱን ቁርጥራጭ የድምፁን ጠባይ ወደሚገልጹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮች ይቀይረዋል። በመጨረሻም ቁጥሮቻቸው የሚቀራረቡትን ቁርጥራጮች አንድ ላይ ይሰበስብና ለእያንዳንዱ ስብስብ መለያ ይሰጣል። ስለዚህ SPEAKER_01 ማለት «እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ድምፆች ክምር» ማለት እንጂ የአንድ ሰው ስም አይደለም።

ከዚህ አሠራር ስህተቱ የት እንደሚበዛ መገመት ይቻላል። ድምፃቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች ካሉ ወደ አንድ ክምር ይገባሉ። እንደ «አዎ» እና «አይ» ያለ አጭር መልስ ከአንድ ሰከንድ በታች ስለሆነ ለማወዳደር በቂ ድምፅ የለውም። ሁለት ሰዎች ሲደራረቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንዳቸው ስም ብቻ ይቀራል። ተናጋሪ የሚቀየርበት ቦታም አስቸጋሪ ነው። የፕሮግራሞቹ ጥራት ሲለካ፣ ከለውጡ ነጥብ ግራና ቀኝ ሩብ ሰከንድ ያህል ስህተት እንዳይቆጠር ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ለመለኪያው ሩብ ሰከንድ ትንሽ ነው፤ አንድ «አይ» ግን እዚያ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ስብሰባውም ሰዎቹም የተፈጠሩ ናቸው። የውሃ ፓምፕ የሚሠራ የተማሪዎች ቡድን አለ፤ ሃና፣ ሰላም፣ ዳዊትና አማካሪያቸው ዶክተሩ፣ በጠቅላላው አራት ሰዎች ተገኝተዋል።

```
[12:04] SPEAKER_00: ሃና፣ ፓምፑን ሞከርሽው?
[12:07] SPEAKER_01: አዎ፣ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ይግላል።
[12:14] SPEAKER_01: ስትሞክሪው ባትሪው ሙሉ ነበር?
[12:17] SPEAKER_01: አልነበረም።
[12:19] SPEAKER_02: ሞተሩን ልቀይረው? በዚህ ሳምንት አይሆንም፣ በጀቱ አልተለቀቀም።
[12:27] SPEAKER_01: ሞተሩን በሚቀጥለው ሰኞ እኔ አመጣለሁ
[12:30] SPEAKER_02: ብሎኛል ነጋዴው።
```

ገና ሳታነቡት መቁጠር ትችላላችሁ። የተገኙት አራት ሰዎች ናቸው፤ በሙሉ ግልባጩ ውስጥ ያሉት መለያዎች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ወይ አንድ ሰው ምንም አልተናገረም፣ ወይ ሁለት ሰዎች በአንድ መለያ ተጨፍልቀዋል።

የትኛው እንደሆነ የሚነግረን አማርኛው ራሱ ነው። «ሞክሬዋለሁ» የሚለው ግስ ተናጋሪው ሴት ይሁን ወንድ አይናገርም። ለሰሚው የሚነገር ግስ ግን ይናገራል። በ12:14 «ስትሞክሪው» የተባለችው አንዲት ሴት ናት፤ ፓምፑን የሞከረችውም እሷ ናት። ሃና ራሷን «ስትሞክሪው» ብላ አትጠይቅም። ስለዚህ በ12:07 እና በ12:14 ያለው SPEAKER_01 አንድ ሰው ሊሆን አይችልም። አክብሮትም እንዲሁ ይረዳል፤ «እርስዎ ቢያዩት» የሚል መስመር ቢኖር፣ በዚህ ቡድን ውስጥ ይህ የሚባለው ዶክተሩ ስለሆነ ተናጋሪው እሱ አይደለም ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ዘዴ በአብዛኛው የሚነግረን ተናጋሪው ማን እንዳልሆነ ነው። ጠያቂዋ ሰላም ልትሆን ትችላለች፣ ግን አልተረጋገጠም። ደግሞ ሰው በቁልምጫ ሴቷን «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» ሊል ይችላል፤ ፕሮግራሙም «ሽ»ን «ህ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ አንድ ፍንጭ ብቻውን አይበቃም። የ12:07ን መስመር ለሃና የምንሰጠው ሁለት ነገሮች ስለተገጣጠሙ ነው፦ በስሟ ተጠይቃ ወዲያው «አዎ» የሚል መልስ ተሰጠ፣ ቀጥሎም የሞከረችው ሴት መሆኗን ሌላ ሰው በግሱ አረጋገጠ።

ወደ 12:19 እንሂድ። በአንድ መስመር ውስጥ ፈቃድ የሚጠይቅ «ልቀይረው?» እና ፈቃድ የሚከለክል «አይሆንም» አሉ። ሰው ራሱን ጠይቆ ራሱን ሊከለክል ይችላል፣ ግን የተለመደ አይደለም። ምናልባት ተናጋሪው ሲቀየር ፕሮግራሙ ድንበሩን ስቶታል። መለያውን አምኖ «ዳዊት በጀቱ አልተለቀቀም አለ» ብሎ መጻፍ፣ ምናልባት የዶክተሩን ውሳኔ ለተማሪ መስጠት ነው።

ከሁሉም አደገኛው የመጨረሻው ነው። በአማርኛ የሌላን ሰው ንግግር ስንጠቅስ «እኔ»ን አንቀይርም፤ «አመጣለሁ ብሎኛል» እንላለን። «አመጣለሁ» ያለው ነጋዴው ሆኖ ሳለ፣ ፕሮግራሙ ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ቆርጦ ለሁለት ሰዎች አከፋፍሎታል። ቸኩሎ የሚያጠቃልል ሰው የ12:27ን መስመር ብቻ አይቶ «ሃና ሞተሩን ሰኞ ታመጣለች» ብሎ ይጽፋል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ «ብሎኛል»፣ «አለችኝ»፣ «ብለዋል» በመስመር መጀመሪያ ላይ ሲመጣ፣ ከላይ ያለውን መስመር ሳታነቡ አትለፉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቅጂው ካለ ከመስመሩ አምስት ሰከንድ ቀደም ብላችሁ አዳምጡ፤ ድምፁንም ያ ሰው መሆኑ ከተረጋገጠበት ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ራሱን ካስተዋወቀበት፣ ጋር አወዳድሩ። ሁሉንም ማዳመጥ ካልቻላችሁ ቃል የተገባበትን፣ ውሳኔ የተሰጠበትንና ተቃውሞ የተነሣበትን ቦታ አስቀድሙ። ቅጂው ከሌለ ሰዎቹን ጠይቁ። ይህም ካልሆነ ሐሳቡን ያዙና ስሙን ተዉት፤ «ተነሣ»፣ «ተገለጸ» የሚሉት ግሶች ለዚህ ይጠቅማሉ። ሰዓቱን በቅንፍ አስቀምጡ፣ አንባቢው ራሱ ማጣራት እንዲችል። የተግባር ኃላፊነት ሲሆን ግን «ይመጣል ተባለ» ብሎ ማለፍ ማን እንደሚያመጣ ይሸፍናል፤ እዚያ ላይ አለመታወቁን በግልጽ ጻፉ።

የእኛ ምሳሌ ሳይደመጥ እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል፦

«ሃና ፓምፑን ሁለት ጊዜ እንደሞከረችውና ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደሚግል ተናገረች (12:07)። በሙከራው ጊዜ ባትሪው ሙሉ እንዳልነበረ ተገለጸ (12:17)። ሞተሩን የመቀየር ሐሳብ ተነሥቶ፣ በጀቱ ስላልተለቀቀ በዚህ ሳምንት እንደማይሆን ተነገረ፤ ይህን ማን እንዳለ ከግልባጩ መለየት አልተቻለም (12:19)። ነጋዴው ሞተሩን በሚቀጥለው ሰኞ አመጣለሁ ማለቱን ከተሰብሳቢዎቹ አንድ ሰው ተናገረ፤ ከነጋዴው ጋር ማን እንደተነጋገረ መጣራት አለበት (12:27)።»

በዚህ ማጠቃለያ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ብቻ አለ። ሰኞ ሞተሩ ካልመጣ ግን «የት አለ?» ተብላ የምትጠየቀው ሃና አትሆንም።