ክፍሉ ሞላ፣ ገንዘቡስ?

ጎንደር ውስጥ 40 ክፍሎች ያሉት ሆቴል አለ እንበል። በአዘቦት ሌሊት 20 ክፍሎች እያንዳንዳቸው በ1,500 ብር ይከራያሉ፤ ገቢው 30,000 ብር ነው። ባዶ ያደሩትም ተቆጥረው ለ40ው ሲካፈል፣ ለአንድ ክፍል 750 ብር ይደርሳል። ባለቤቱ ዋጋውን ወደ 1,000 አውርዶ 28 ክፍሎች ቢያከራይ፣ የተያዘው ክፍል ከ50 ወደ 70 በመቶ ያድጋል፤ የክፍል ድርሻው ግን ወደ 700 ብር ይወርዳል። እንግዳው በዛ፣ ገቢው ቀነሰ፤ የአንሶላ እጥበቱም ጨመረ።

ስሌቱን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው መዝገቡ ነው። ለጥምቀት ሦስት ሌሊት የያዘ እንግዳ አንዴ ብቻ ከተቆጠረ ሁለት ሌሊት ይጠፋል፤ ቀርቶ ሳይሰረዝ ከታለፈ ደግሞ ባዶው ክፍል የተያዘ ይመስላል። ስህተቱ የሚታወቀው መዝገቡን ጠዋት ክፍል አጽጂዎች ከሚያስረክቡት ዝርዝር ጋር በማመሳከር ነው።