አንዴ ከፍሎ የሚሞት የካርድ ቁጥር

እ.ኤ.አ. ከኦገስት 21 እስከ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2018 ድረስ በብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረ ገጽ ትኬት የቆረጡ ሰዎች አንድም የተለየ ነገር አላዩም። ከፈሉ፣ ትኬታቸው ደረሳቸው። ሌቦች ግን በገጹ ውስጥ 22 መስመር ብቻ የሆነች ኮድ ሸጉጠው ኖሮ፣ ደንበኛው የክፍያውን ቁልፍ ሲጫን ስሙ፣ የካርዱ ቁጥርና ከካርዱ ጀርባ ያለው ባለ ሦስት አሃዝ የምስጢር ቁጥር ለእነሱም ይደርሳቸው ነበር። አየር መንገዱ መጀመሪያ ላይ 380,000 ያህል ክፍያዎች እንደተነኩ አስታወቀ።

የካርድ ኩባንያዎች ደንብ ነጋዴው ሦስቱን አሃዝ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ እንዳያስቀምጥ ይከለክላል። ሌቦቹ ግን ከተቀመጠበት አልሰረቁም፤ ሲተየብ ነው የወሰዱት። እንዲህ ባለ ስርቆት ላይ የደንበኛው ጥንቃቄ ብዙም አይረዳም፤ የሚረዳው የተሰረቀው ቁጥር ለሌባው የማይጠቅም ሆኖ ሲገኝ ነው።

ለአንድ ግዢ ብቻ የሚያገለግለው ቨርቹዋል የካርድ ቁጥር የሚሠራው ይህንኑ ነው። በአውሮፓ ሬቮሉት፣ በአሜሪካ ፕራይቬሲ የተባለው አገልግሎት እንዲህ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ሴት ከማታውቀው የኦንላይን ሱቅ 64 ዶላር የሚያወጣ ጫማ ልትገዛ ነው እንበል። የስልኳን መተግበሪያ ከፍታ አዲስ ቁጥር ታወጣለች፤ አገልግሎቱ ከፈቀደም ጣሪያውን 70 ዶላር ታደርገዋለች። ቁጥሩ እንደማንኛውም ካርድ 16 አሃዝ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንና የምስጢር ቁጥር አለው። ሱቁ ክፍያውን በባንኩና በቪዛ ወይም በማስተርካርድ በኩል ካርዱን ወዳወጣው ድርጅት ይልካል። ይህ ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው ያ ድርጅት ነው። ሒሳቡን አይቶ ያጸድቃል፤ ቁጥሩንም ወዲያው ይዘጋዋል።

ከወር በኋላ የሱቁ መረጃ ቢሰረቅና አንዱ ሌባ ቁጥሩ ይሠራ እንደሆነ በ1 ዶላር ቢሞክር ክፍያው ውድቅ ይሆናል። የውድቅ ክፍያ ማስታወቂያ ስልኳ ላይ ከመጣም ሴትየዋ አንድ ተጨማሪ ነገር ታውቃለች፤ ቁጥሩን የሰጠችው ለአንድ ሱቅ ብቻ ስለሆነ መረጃው ከየት እንደወጣ መገመት አያቅታትም። ለእኔ የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው፤ በዋናው ካርድ ሃያ ቦታ የሚገዛ ሰው የትኛው ሱቅ እንዳጋለጠው በምን ያውቃል? ጫማው ራሱ ሳይመጣ ቢቀር ግን ቁጥሩ መሞቱ ምንም አይፈይድላትም። የጸደቀው 64 ዶላር ሄዷል፤ ለማስመለስ ካርዱን ላወጣው ድርጅት አቤት ማለት አለባት።

ነጋዴው ዘንድ ሲደርስ፣ ቪዛ የሚቀበል ሱቅ ቨርቹዋሉንም አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላል። ችግር የሚመጣው ነጋዴው ቁጥሩን ደግሞ ሲፈልገው ነው። አንዳንድ ሱቅ በአንድ ትዕዛዝ የተገዙ ሁለት ዕቃዎችን በተለያየ ቀን ሲልክ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ያስከፍላል፤ የመጀመሪያው ያልፋል፣ ሁለተኛው ቁጥሩ ስለሞተ ይመለሳል። በየወሩ የሚከፈል የፊልም ወይም የጂም ደንበኝነትም በሁለተኛው ወር ይቋረጣል። ለእንዲህ ያለው ተደጋግሞ የሚሠራ፣ ግን ከአንድ ነጋዴ ውጭ ማንም ሊያስከፍልበት የማይችል ሌላ ዓይነት ቨርቹዋል ቁጥር አለና እሱን መጠቀም ይሻላል። በነጻ ሙከራ የሚጀምሩ አገልግሎቶች ደግሞ ገና ከበር ሊመልሱ ይችላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ አሃዞች ካርዱን ማን እንዳወጣውና ዓይነቱ ምን እንደሆነ ስለሚናገሩ፣ ቅድመ ክፍያ ካርድ የማይወድ ነጋዴ ከዚያው ይለየዋል።

ሆቴልና የኪራይ መኪና ሌላ ጣጣ አላቸው። ክፍሉ ኦንላይን ቢያዝም እንግዳ መቀበያው ላይ ለመያዣ የሚሆን የፕላስቲክ ካርድ ይጠየቃል። ከውጭ ሆኖ አዲስ አበባ ላለች እናቱ ትኬት የሚቆርጥ ሰውም ይህን ልብ ይበል፤ አንዳንድ አየር መንገዶች የተከፈለበትን ካርድ ለማየት ይጠይቃሉ፤ ስልክ ላይ ብቻ የነበረና የተዘጋ ቁጥር ደግሞ ለማንም አይታይም። ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት የአየር መንገዱን የክፍያ ደንብ ማንበብ ወይም ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ዕቃ ሲመለስ ግን ብዙ ሰው እንደሚፈራው ገንዘቡ በሞተው ቁጥር ላይ አይቀርም። ቁጥሩ የየትኛው ሒሳብ እንደነበር ያወጣው ድርጅት ስለሚያውቅ ተመላሹ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው ሒሳብ ይገባል፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል እንጂ። ኦንላይን የተገዛውን ሱቅ ድረስ ወስዶ የሚመልስ ሰው ግን ገንዘብ ተቀባዩ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ሊጠይቀው ስለሚችል፣ ከግዢው ደረሰኝ ጋር እነሱንም አብሮ መያዝ አለበት።