ስምንት ተኩል ከአሥራ አራት ሲበልጥ

በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ ሁለት አክሲዮኖች አሉ እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። አንደኛው የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነው፤ ዛሬ 50 ዶላር ያወጣል። ሒሳቡን ያጠና ሰው ከዓመት በኋላ ዋጋው 56 ዶላር እንደሚደርስ፣ በመሃልም 1 ዶላር የትርፍ ድርሻ እንደሚከፍል ይገምታል። በ50 ዶላር ላይ 7 ዶላር፣ ማለትም 14 በመቶ ነው። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ለከተማ የሚያቀርብ ኩባንያ ነው። ዋጋው 80 ዶላር፣ የትርፍ ድርሻው 3 ዶላር፣ የዓመት መጨረሻ ዋጋው በግምት 83.80 ዶላር ነው። በ80 ላይ 6.80 ማለት 8.5 በመቶ ነው። ታዲያ ከሁለቱ በርካሽ የሚሸጠው የትኛው ነው?

አብዛኛው ሰው ሳያመነታ የመጀመሪያውን ይላል። ለዚህ ጥያቄ የተበጀው መሣሪያ ግን የመጀመሪያውን ተወድዷል ብሎ ይተወዋል፣ ሁለተኛውን ይመርጣል። መሣሪያው ወረቀት ላይ የሚሰመር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ የሙያው ሰዎች የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ መስመር ይሉታል። መነሻው ዊሊያም ሻርፕ በ1964፣ ጆን ሊንትነር ደግሞ በ1965 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያሳተሟቸው ጥናቶች ናቸው። ሻርፕ በ1990 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተካፍሏል።

መስመሩ የሚጠይቀው ትርፉ ስንት እንደሆነ ብቻ አይደለም፤ ለተሸከምከው ስጋት ስንት ይገባህ ነበር ይላል። ስጋቱን የሚለካው ቤታ በሚባል ቁጥር ነው። ቤታው 1 የሆነ አክሲዮን በአማካይ ከገበያው እኩል ይወጣል፣ ይወርዳል። ቤታው 2 ከሆነ ገበያው 10 በመቶ ሲወድቅ እሱ ወደ 20 በመቶ ይወድቃል። የፋብሪካ ቃጠሎ ወይም የሥራ አስኪያጅ መልቀቅ እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ብዙ አክሲዮን የያዘ ሰው አንዱ ቢጥለው ሌላው ያነሣዋልና ገበያው ለእንዲህ ያለው ስጋት ካሳ አይከፍልም። ካሳ ያለው ሁሉንም በአንድ ቀን ለሚመታውና ማምለጫ ለሌለው ስጋት ነው።

ሁለት ቁጥሮች ከተገኙ መስመሩን ማስመር ይቻላል። የመጀመሪያው ያለ ስጋት የሚገኘው ትርፍ፣ ማለትም የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ የሚከፍለው ወለድ ነው፤ 4 በመቶ እንበለው። ሁለተኛው ከገበያው በአጠቃላይ የሚጠበቀው ትርፍ ነው፤ 9 በመቶ እንበለው። የሁለቱ ልዩነት 5 በመቶ ነው፤ ገንዘቡን ከግምጃ ቤት ሰነድ አውጥቶ አክሲዮን ላይ ለሚያውል ሰው የሚከፈል የድፍረት ዋጋ ማለት ነው። መስመሩ ቤታ ዜሮ ሲሆን ከ4 ይነሣል፣ ቤታ 1 ላይ 9 ይደርሳል፣ በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላል። መስመሩ ላይ የሚነበበው ቁጥር የሚጠየቅ ትርፍ ይባላል።

የቴክኖሎጂው ኩባንያ ቤታ 2.2 ቢሆን የሚጠየቅበት ትርፍ 4% + 2.2 × 5% = 15% ነው። የሚሰጠው 14 ብቻ ስለሆነ ከመስመሩ በ1 በመቶ ዝቅ ይላል። የኤሌክትሪኩ ቤታ 0.6 ቢሆን የሚጠየቅበት 4% + 0.6 × 5% = 7% ነው፤ የሚሰጠው ደግሞ 8.5። ከመስመሩ በ1.5 በመቶ ከፍ አለ። ይህ ከመስመሩ ያለው ርቀት አልፋ ይባላል። የመጀመሪያው አልፋ ከዜሮ በታች፣ የሁለተኛው ከዜሮ በላይ ነው። አልፋውን ወደ ዶላር ለመመለስ ከዓመት በኋላ የሚገኘውን 86.80 ዶላር ለ1.07 እናካፍል፤ ወደ 81.12 ይመጣል። የአክሲዮኑ ተገቢ ዋጋ ይህ ነውና በ80 ዶላር ስንገዛው በአንድ ዶላር ከሳንቲም ረክሶልናል። ሌሎችም ይህንኑ አይተው ሲሻሙበት ዋጋው ይወጣል፣ ትርፉም ወደ 7 በመቶ ይወርዳል፣ አልፋውም ይጠፋል።

ተማሪዎች ደጋግመው የሚስቱት አንድ ቦታ አለ። ቤታን የሚያባዙት በልዩነቱ፣ በ5፣ ሳይሆን በገበያው ሙሉ ትርፍ፣ በ9፣ ነው። ያኔ የኤሌክትሪኩ የሚጠየቅ ትርፍ 9.4 በመቶ ይሆናል፤ የረከሰው አክሲዮን በአንድ የማባዛት ስሕተት ውድ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ከዚህ የከፋው ግን በትክክል ያሰላ ሰው የሚገባበት ወጥመድ ነው። ቤታ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ካለፉት 60 ወራት ዋጋ ነው፤ የአንድ ኩባንያ ቤታ በ0.2 ወይም በ0.3 ቢዛነፍ አይገርምም። የኤሌክትሪኩ እውነተኛ ቤታ 0.6 ሳይሆን 0.9 ከሆነ የሚጠየቅበት ትርፍ 8.5 በመቶ ይሆናል፤ አልፋው ዜሮ ነው። የዓመት መጨረሻ ዋጋው 83.80 ሳይሆን 82.60 ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው። በ80 ዶላር ዕቃ ላይ የ1.20 ዶላር የግምት ስሕተት ሙሉ አልፋውን ይበላዋል። ስለዚህ አንድ ተኩል በመቶ አልፋ አገኘሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው 83.80 ከየት እንደመጣ ነው። ያንን ዋጋ ያገኘው የወደፊቱን ገቢ በዚሁ በመስመሩ ትርፍ ቀንሶ ከሆነና ዛሬ በገበያው ያለውን ዋጋ መነሻ ካደረገ፣ ክብ ዞሮ የሚያገኘው ዜሮ ነው። ግምቱ ከኩባንያው ሽያጭ፣ ወጪና ዕዳ መነሣት አለበት።

ባለሙያዎቹስ ቀንቷቸዋል? ማይክል ጄንሰን በ1968 ከ1945 እስከ 1964 የነበሩ 115 የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንዶችን በዚሁ መስመር መዘናቸው። ወጪያቸው ሲቀነስ አማካይ አልፋቸው በዓመት ወደ 1.1 በመቶ ከዜሮ በታች ሆኖ ተገኘ። ያለፈን ሥራ በዚህ መንገድ የሚመዝነው አልፋ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

መስመሩም ራሱ ቀና አይደለም። በ1972 ፊሸር ብላክ፣ ጄንሰንና ማይረን ሾልስ የኒው ዮርክን ገበያ ሲፈትሹ፣ ከእውነተኛው ዋጋ የሚገኘው መስመር ንድፈ ሐሳቡ ከሚለው ይልቅ የተንጋለለ ሆነባቸው። ዝቅተኛ ቤታ ያላቸው ከሚጠየቁት በላይ፣ ከፍተኛ ቤታ ያላቸው ደግሞ ከሚጠየቁት በታች ይሰጡ ነበር። የእኛ የኤሌክትሪክ ኩባንያ አልፋም ከፊሉ ዋጋው መርከሱን ሳይሆን የመስመሩን መዛነፍ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል።

መስመሩን በአገራችን ለመጠቀም ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 ሥራ ሲጀምር ለመመዝገብ የመጀመሪያው ወጋገን ባንክ ነበር። በአዲስ ገበያ አክሲዮን ሳይሸጥ ሳይለወጥ ቀናት ሲያልፉ ዋጋው ባለበት ይቆማል። ከእንዲህ ያለ ዋጋ የሚሰላ ቤታ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል፤ ቤታው ሲያንስ የሚጠየቀው ትርፍ ያንሳል፣ በሌለበት አልፋ ያለ ያስመስላል። ደግሞም ለቤታ የሚያስፈልጉት 60 ወራት ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ቢቆጠሩ እንኳ የሚሞሉት በጥር 2030 ነው።