የንግሥቲቱ ቤት እሳት በምን ጠፋ?
እንዴት ይሠራል? ሙሉ ልብ ወለድ ለልጆች ሲያጥር ምኑ ይቀነሳል

«የጉሊቨር ጉዞ»ን በልጅነቱ ያነበበ ሰው ታሪኩን ንገረኝ ቢሉት የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። መርከቡ የተሰበረበት ጉሊቨር ባሕር ዳር ተኝቶ ሲነቃ ስንዝር በማይሞሉ ሰዎች በክር ተተብትቧል። ከዚያ ግዙፎች ወደሚኖሩበት አገር ይሄዳል። ከዚያስ? «ከዚያማ በሰላም አገሩ ገባ» ይላል። የልጆቹ መጽሐፍ የሚለው ይህንኑ ስለሆነ አልተሳሳተም። በደብሊን የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ የነበረው ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 ለንደን ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ግን እንዲህ አያልቅም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገጽ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሚተርኩት ታሪክም አንድ አይደለም። እንዴት እንደሚለያይ ደረጃ በደረጃ እንየው።

ትልቁ ቅነሳ

ሙሉው መጽሐፍ አራት ክፍልና 39 ምዕራፍ አለው። የመጀመሪያው ክፍል ትናንሾቹ ሰዎች ያሉባት ሊሊፑት ሲሆን 8 ምዕራፍ ነው። ሁለተኛው የግዙፎቹ አገር ብሮብዲንግናግ፣ እሱም 8 ነው። ሦስተኛው 11፣ አራተኛው 12 ምዕራፍ ይዘዋል። አብዛኞቹ የልጆች እትሞች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ይዘው የቀሩትን ሁለቱን ይተዋሉ። ስለዚህ ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይነካ ከ39ኙ ምዕራፎች 23ቱ ወጥተዋል ማለት ነው።

ለምን እነዚህ? ሦስተኛው ክፍል አንድ ወጥ ታሪክ የለውም። በአየር ላይ የምትንሳፈፍና ያመፀ አውራጃ ሲገኝ ከላዩ ቆማ ፀሐይና ዝናብ የምትከለክል ደሴት አለች፤ ከኪያር የፀሐይ ጨረር ለማውጣት ዓመታት የሚለፋ ተመራማሪ አለ፤ ሳይሞቱ የሚያረጁ ሰዎች አሉ። በአራተኛው ክፍል አስተዋዮቹ ፈረሶች ናቸው፤ ሰው የሚመስሉት ያሁ የሚባሉ ፍጥረታት ግን ቆሻሾችና ስግብግቦች ናቸው። አሳጣሪው ሦስተኛውን ለልጅ የተበታተነ፣ አራተኛውን የመረረ ነው ብሎ ይተዋቸዋል።

አንድ ምክንያት ሲወጣ

የቀሩትን ሁለት ክፍሎች ማሳጠር ከዚህ የከበደ ሥራ ነው። ልብስ ሰፊ የአዋቂ ኮት ለልጅ ሲያሳጥር እጅጌውን ቆርጦ ብቻ አይተወውም፤ ትከሻውንም ወገቡንም ፈትቶ እንደገና ይገጥማል። ይህ በመጽሐፍ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማየት የሊሊፑትን ቤተ መንግሥት ቃጠሎ እንከተል።

በሙሉው መጽሐፍ፣ በመጀመሪያው ክፍል ምዕራፍ 5፣ እኩለ ሌሊት ላይ የንግሥቲቱ እልፍኝ ይያያዛል። መነሻው ልብ ወለድ እያነበበች እንቅልፍ የወሰዳት ደንገጡር ናት። ሕዝቡ ውኃ ያቀብላል፤ ባልዲው ግን ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ ከሚያጠልቃት ቆብ አይበልጥም። ጉሊቨር ማታ ብዙ የወይን ጠጅ ጠጥቶ ነበርና ሌላ መላ ሲያጣ እሳቱ ላይ ይሸናበታል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ እሳቱ ይጠፋል፤ ቤተ መንግሥቱ ይተርፋል። ነገር ግን በአገሩ ሕግ በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ መሽናት በሞት ያስቀጣል። ንግሥቲቱም በእጅጉ ትጸየፋለች፤ ወደ ሌላው ጥግ ተዛውራ ያ እልፍኝ ዳግመኛ እንዳይታደስላት ትወስናለች፤ ለመበቀልም ትዝታለች።

ይህ ትዕይንት ለሣቅ ብቻ የገባ አይደለም። ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ ጉሊቨር በአገር ክህደት ሲከሰስ የክሱ የመጀመሪያ አንቀጽ ይኸው ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ የጠላት አገር የብሌፉስኩን 50 ትልልቅ የጦር መርከቦች ጎትቶ ካመጣ በኋላ የቀሩትንም ማርኮ ያንን ሕዝብ ባሪያ እንዲያደርግ ሲታዘዝ እምቢ ማለቱ ነው። ፍርዱ ሁለት ዓይኖቹ እንዲጠፉ ነው።

አሁን አሳጣሪው ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥ። መጽሐፉ ለስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ወላጅና አስተማሪም ያዩታል። ሽንቱ ይውጣ ይባላል። ከዚያ በኋላ ሦስት መንገድ አለው።

አንደኛው፣ ጉሊቨር በባርኔጣው ውኃ ቀድቶ እሳቱን እንዲያጠፋ ማድረግ ነው። ደስ የሚል ትዕይንት ይወጣዋል፤ ግን ንግሥቲቱ የምትቆጣበት ነገር የለም፤ የተጣሰ ሕግም የለም። ስለዚህ ቁጣዋም ክሱም መውጣት አለባቸው። የንጉሡ ጠላትነት በመርከቦቹ ጉዳይ ብቻ ይቆማል፤ ወይም አሳጣሪው የባለሟሎችን ምቀኝነት ያጎላና ክፍተቱን በእሱ ይሞላል። ሁለተኛው መንገድ ቃጠሎውን ከነጭራሹ መተው ነው። ይህ ንጹሕ ቁርጥ ነው፤ ቀዳዳ አይተውም። ሦስተኛውና መጥፎው መንገድ እሳቱን በውኃ አጥፍቶ የንግሥቲቱን ቁጣ እንዳለ ማስቀመጥ ነው። ያኔ ልጁ «ቤቷን አድኖላት ለምን ጠላችው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጽሐፉ ግን መልስ የለውም። ያለ ምክንያት የቀረ ውጤት የደካማ አሳጣሪ ዋና ምልክት ነው። መጽሐፍ ስታነቡ ሰውየው ድንገት ሲቆጣ፣ ሲሸሽ ወይም ሲታረቅ ምክንያቱን ካጣችሁት፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ተቆርጧል ብላችሁ ጠርጥሩ።

የመጀመሪያው መንገድ በደንብ ቢሠራ እንኳ አንድ ነገር ይጎድላል። ስዊፍት የሚለው፣ ቤተ መንግሥት ከጥፋት ያዳነውን ሰው ባዳነበት መንገድ ሊከስሰው ይችላል ነው። ብዙ ሐያስያን ትዕይንቱን እ.ኤ.አ. በ1713 ከተፈረመው የዩትሬክት ስምምነት ጋር ያያይዙታል፤ ጦርነቱን ያስቆሙት የእንግሊዝ ሚኒስትሮች ኋላ የተከሰሱት ስላስቆሙበት መንገድ ነበርና። በባርኔጣ የተቀዳ ውኃ ይህን ሁሉ ያጥበዋል።

እንቁላሉ ይቀራል፣ ሙታኑ ይወጣሉ

ሌላው የቅነሳ ዓይነት ነገሩን ይዞ ክብደቱን ማውጣት ነው። ሊሊፑትና ብሌፉስኩ የሚዋጉት እንቁላል በየት በኩል ይሰበር በሚል ነው። ይህ ልጅን ስለሚያስቅ በየእትሙ ይገኛል። በሙሉው መጽሐፍ ግን ጠቡ ስድስት አመፅ አስነሥቷል፤ አንድ ንጉሥ ሕይወቱን፣ ሌላው ዘውዱን አጥቷል፤ እንቁላል በቀጭኑ በኩል አልሰብርም ብለው የሞቱት 11,000 ናቸው። ስዊፍት እንቁላሉን ያመጣው በእንግሊዝ ስለ ሃይማኖት የፈሰሰውን ደም ለማሳየት ነው። ሙታኑ ሲወጡ የሚቀረው የጅሎች ጠብ ብቻ ነው።

የሹመት ጨዋታውም እንዲሁ ነው። በሊሊፑት ሹመት የሚገኘው ገመድ ላይ በመዝለል ነው፤ ከፍ ብሎ ሳይወድቅ የዘለለ ይሾማል። የልጆቹ እትም ገመዱንና ዝላዩን ይዞ ሹመቱን ሲተው፣ ስላቁ የሰርከስ ትርኢት ይሆናል።

ተራኪው ሲለወጥ

ሙሉውን መጽሐፍ የሚተርከው ጉሊቨር ራሱ ነው። ስለ ራሱ የሚለውን ሁሉ ግን ማመን አይገባም። ገንዘብ ያዡ ፍሊምናፕ ሚስቱ ጉሊቨርን ወደደች ብሎ ይቀናል። ሴቲቱ ስንዝር እንኳ አትሞላም። ጉሊቨር ግን በመሣቅ ፈንታ ክብሯን ለማስጠበቅ እንደ ጠበቃ በቁም ነገር ይሟገታል፤ እግረ መንገዱንም የእሱ ማዕረግ ከፍሊምናፕ እንደሚበልጥ ይነግረናል። አንባቢው የሚሥቀው በሰውየው ከንቱ ኩራት ነው። የልጆች እትም ይህን ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም «እኔ»ን ወደ «ጉሊቨር» ይለውጣል። «ጉሊቨር ሄደ፣ ጉሊቨር አየ» ሲባል ተራኪው የታመነ ይሆናል፤ የሚሳሳተው ጉሊቨርም ቀርቶ ጀግናው ብቻ ይቀራል።

ይህ ጉዳት ይበልጥ የሚታየው በግዙፎቹ አገር ነው። የልጆቹ እትም ከአይጥ ጋር የተዋጋበትን፣ ዝንጀሮ ይዞት ጣራ ላይ የወጣበትን፣ ንስር ሣጥኑን ነጥቆ የበረረበትን በደስታ ያስቀምጣል። ጉሊቨር ለንጉሡ የባሩድን ምስጢር ሊያስተምረው የሚቀርብበትን ምዕራፍ ግን ያሳጥረዋል ወይም ይተወዋል። ንጉሡ ሰው በሰው ላይ ይህን ያህል ጥፋት ማሰቡ ዘግንኖት እምቢ ይላል። ጉሊቨርም ንጉሡን አስተሳሰቡ የጠበበ ነው ብሎ ያዝንለታል። በአካልም በሕሊናም ትንሹ ማን እንደሆነ አንባቢው የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

መጨረሻው

በልጆቹ እትም ጉሊቨር ቤተሰቡ ጋር ገብቶ ደስ ይለዋል። በሙሉው መጽሐፍ ግን ከፈረሶቹ አገር የተመለሰው ጉሊቨር የሰው ጠረን አይችልም። አፍንጫውን በጤና አዳም ወይም በትንባሆ ቅጠል ይወትፋል። ሁለት ፈረሶች ገዝቶ በየቀኑ ቢያንስ አራት ሰዓት ያነጋግራቸዋል። ከተመለሰ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው ሚስቱ በረጅሙ ገበታ ሌላኛው ጫፍ ተቀምጣ አብራው እንድትበላ የፈቀደው። ስለ ትዕቢት የሚሰብክ፣ በራሱ ትዕቢት የታመመ ሰው ነው።

የያዛችሁት የቱ ነው?

ሁሉም ቅነሳ በደል አይደለም። ሁለተኛው ክፍል መግቢያ ላይ ያለው የማዕበል አንቀጽ ከመርከበኞች መመሪያ የተገለበጠ የሸራና የገመድ ስም ክምር ነው፤ ልጅ ባያነበው አይጎዳም። መታለል የሚመጣው አጭሩን ሙሉ ነው ብሎ ከመያዝ ነው። ለማጣራት ሦስት ነገር ይበቃል። ማውጫውን ገልጣችሁ አራት ክፍልና 39 ምዕራፍ መኖሩን እዩ። በመጀመሪያው ክፍል ምዕራፍ 5 ላይ እሳቱ በምን እንደጠፋ አንብቡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ፈረሶች መኖራቸውን ተመልከቱ።

አጭሩን ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ያለ ሥጋት ስጡ፤ ጥሩ ጀብዱ ነው። ስትሰጡት ግን ይህ ከረጅም መጽሐፍ የተቀነሰ መሆኑን ንገሩት። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሙሉውን ስጡት፤ ስዊፍት የጻፈውን መጽሐፍ የሚያነበው ያኔ ነው።