አምስት መቶኛው ብሎኬት

የብሎኬት ማምረቻ ያለው ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚናገረው አንዱ ብሎኬት ስንት እንደሚያወጣበት ነው። የቀኑን ወጪ በሙሉ ደምሮ ለተመረተው ብዛት ያካፍላል፤ የሚያገኘውም አማካይ ወጪ ይባላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ የገበያው ዋጋ ከዚህ በላይ ከሆነ ሥራው ያተርፋል፣ በታች ከሆነም ይከስራል። ሆኖም ባለቤቱ ነገ ስንት ብሎኬት ልሥራ ብሎ ሲጠይቅ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ያሳስተዋል።

አንድ ማምረቻ በአእምሯችን እናቋቁም፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ የመረጥኳቸው ናቸው። የቦታው ኪራይ፣ የዘበኛው ደመወዝና የማሽኑ ዕዳ ተደምረው በቀን 6,400 ብር ይሆናሉ። አንድም ብሎኬት ባይመረት ይህ ገንዘብ አይቀርም። ለእያንዳንዱ ብሎኬት ደግሞ ለሲሚንቶ፣ ለፑሚስ፣ ለአሸዋና ለውሃ 20 ብር ይወጣል። ከዚህ ሌላ ባለቤቶች የሚያውቁት፣ ደብተራቸው ላይ ግን ለብቻው የማይጽፉት ሦስተኛ ወጪ አለ። ምርቱ ሲበዛ ሠራተኛው ያመሻል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይመጣል። መዘርጊያ ቦታ ስለሚጠብ ያልደረቀ ብሎኬት ቶሎ ይነሣና ይሰበራል። የውሃው ቦቴም ሁለተኛ ጊዜ ይጠራል። ይህ ወጪ ከብዛቱ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። የቀኑን ብዛት q ብንለው ጠቅላላ ወጪው እንዲህ ይጻፋል፦

C = 6400 + 20q + 0.04q²

አሁን ጥያቄውን እንቀይረው። አንዱ በአማካይ ስንት አወጣ ማለቱን ትተን፣ አሁን ባለንበት ላይ አንድ ብንጨምር ወጪው በስንት ያድጋል እንበል። ኢኮኖሚስቶች ይህን የኅዳግ ወጪ ይሉታል፤ የሚገኘውም የጠቅላላ ወጪውን ዴሪቬቲቭ በመውሰድ ነው። ውጤቱ 20 + 0.08q ነው። 6,400ው ብር እንደጠፋ ልብ ይሏል፤ አንድ ብሎኬት ቢጨመርም ባይጨመርም ኪራዩ ያው ነውና። በ500 ላይ የኅዳግ ወጪው 60 ብር ይሆናል። 501ኛውን ብሎኬት በቀጥታ ብንቆጥረው 60 ብር ከ4 ሳንቲም ይመጣል። የዴሪቬቲቩ ግምት ለሥራ ከበቂ በላይ ነው።

አማካዩስ? በ300 ብሎኬት አማካይ ወጪው 53 ብር ከ33 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ቀጣዩ ብሎኬት ግን ወደ 44 ብር ብቻ ያስወጣል። ከአማካዩ ያነሰ ቁጥር ሲቀላቀል አማካዩን ወደ ታች ይስበዋል። በ500 ላይ አማካዩ 52 ብር ከ80 ሳንቲም ሲሆን ቀጣዩ 60 ያስወጣል፤ አሁን አማካዩ ወደ ላይ ይሳባል። ስለዚህ አማካይ ወጪው ዝቅተኛው ላይ የሚደርሰው የኅዳግ ወጪው ከእሱ ጋር እኩል በሚሆንበት ብዛት ነው። በእኛ ማምረቻ ይህ 400 ብሎኬት ላይ ይሆናል፤ ሁለቱም 52 ብር ናቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አንዱ በርካሽ የሚወጣው 400 ላይ ከሆነ 400 እንሥራ ይላል። የገበያው ዋጋ 60 ብር ነው እንበል፤ በአካባቢው ብዙ አምራች ስላለ ባለቤቱ ዋጋውን መወሰን አይችልም። 400 ሲያመርት የቀኑ ትርፍ 3,200 ብር ነው። ሆኖም ቀጣዩ ብሎኬት ወደ 52 ብር አስወጥቶ 60 ያስገባል፤ የ8 ብር ትርፍ ለምን ይተዋል? የኅዳግ ወጪው 60 ብር እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ 500፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ብሎኬት ወጪውን ሸፍኖ ይተርፈዋል። በ500 ትርፉ 3,600 ብር ነው። 600 ካደረገው ወደ 3,200 ይመለሳል፤ ሠራተኛው እየደከመ የተሠራው የመጨረሻው መቶ ትርፉን በልቶታል ማለት ነው።

ሕጉ አጭር ነው፤ የመጨረሻው ምርት የሚያስገባው ከሚያስወጣው ጋር እኩል እስኪሆን አምርት። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለው። ሥራ ሲጀመር የኅዳግ ወጪው መጀመሪያ ይወርድና በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋጋውን ሁለት ቦታ ላይ ያገኘዋል። ወጪው እየወረደ ሳለ ያገኘው ነጥብ የትርፍ ጫፍ ሳይሆን ጉድጓዱ ነው። ትክክለኛው ወጪው ወደ ላይ እየሄደ የሚያገኘው ነው። ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

ቀመር የሌለው ባለቤት ደግሞ ደብተሩ ይበቃዋል። በቀን 450 ያመረተባቸው ቀናት ወጪ 23,500 ብር፣ 500 ያመረተባቸው 26,400 ብር ከሆነ፣ ልዩነቱ 2,900 ብር ለ50 ብሎኬት ማለትም ለአንዱ 58 ብር ነው። ከ60 ስለሚያንስ ጭማሪው አዋጥቷል። ከ500 ወደ 550 ሲያልፍ ልዩነቱ 3,100 ብር፣ ለአንዱ 62 ይሆናል፤ እዚህ ይቁም። የሲሚንቶ ዋጋ የተለያየባቸውን ቀናት ማወዳደር ግን ውጤቱን ያበላሻል።

አማካዩ በይበልጥ የሚያሳስተው ዋጋ ሲወርድ ነው። የግንባታ ሥራ ቀዝቅዞ ብሎኬት 44 ብር ይግባ። ከዝቅተኛው አማካይ ወጪ፣ ከ52 ብር በታች ነው፤ በየትኛውም ብዛት ኪሳራ አለ። እንዝጋ? የኅዳግ ወጪው 44 የሚሆነው 300 ላይ ነው። ያን ያህል ቢያመርት 13,200 ብር አስገብቶ 16,000 ያወጣል፤ 2,800 ብር ይከስራል። ቢዘጋ ግን ኪራዩና ዕዳው ስለማይቆም 6,400 ብር ይከስራል። የኪራይ ውሉ እስኪያልቅ እየከሰሩ መሥራት ያዋጣል። ውሉ ሲያልቅ ኪራዩም ሊቀር የሚችል ወጪ ስለሚሆን መልሱ ይለወጣል።

እስካሁን ዋጋው ከውጭ የመጣ ነበር። ባለቤቱ በአካባቢው ብቸኛ አምራች ከሆነና ብዙ ለመሸጥ ዋጋ መቀነስ ካለበትስ? ይህን ጥያቄ በዴሪቬቲቭ የፈታው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው አንትዋን ኦገስተን ኩርኖ ነው፤ በ1838 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ። ምሳሌው የማዕድን ውሃ ምንጭ ያለው ሰው ነበር። ውሃው ያለ ወጪ ይፈልቃል፤ ያም ሆኖ ሰውየው ያለውን ሁሉ መሸጥ አያዋጣውም። አንድ ጠርሙስ ለመጨመር ዋጋውን ሲቀንስ፣ ቀድሞ በደህና ዋጋ ይሸጣቸው በነበሩት ሁሉ ላይ ይቀንሳል።

የእኛ ባለቤት የሚሸጥበት ዋጋ 90 - 0.06q ቢሆን፣ 500 ለመሸጥ ዋጋው 60 መሆን አለበት። ገቢው ዋጋ ሲባዛ በብዛት ነው፤ ዴሪቬቲቩ 90 - 0.12q ይሆናል፤ ይህ የኅዳግ ገቢ ነው። በ500 ላይ ደንበኛው 60 ብር ቢከፍልም የኅዳግ ገቢው 30 ብር ብቻ ነው። የኅዳግ ገቢና ወጪው እኩል የሚሆኑት 350 ላይ፣ በ69 ብር ዋጋ ነው፤ ትርፉም 5,850 ብር ይደርሳል። በ500 ግን 3,600 ብቻ። 400ውም፣ አማካይ ወጪው ዝቅ የሚልበት፣ በ5,600 ብር ይበለጣል። ከየትኛው ዓይነት ገበያ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ ዋጋውን አንድ ሁለት ብር ጨምሮ መሞከር ነው። ደንበኛው በሙሉ ወደ ጎረቤት ከሄደ የ500ው ሒሳብ፣ ጥቂቱ ብቻ ከቀነሰ የ350ው ሒሳብ ይሠራል። ሁለተኛ ማሽን ሲገዛ ደግሞ ቀመሩ ራሱ ስለሚቀየር ስሌቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል።