የብል ቀዳዳን ከሹራብ ላይ ማጥፋት

የሱፍ ሹራብ የሚበሳው ቁም ሣጥን ስንከፍት ብር የሚለው ብል ራሱ አይደለም፤ እሱ ምግብ አይበላም። ሱፉን የሚበላው ከእንቁላሉ የሚወጣው ነጭ እጭ ነው። ላብ ወይም ወጥ የነካው ሱፍ ይበልጥ ስለሚጥመው፣ ሳይታጠብ የከረመ ሹራብ ቀድሞ ይበሳል። ስለዚህ መርፌ ከማንሳት በፊት ሹራቡን አጥቦ፣ በደንብ አድርቆና በላስቲክ አስሮ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይገባል። አለበለዚያ በውስጡ የቀረው እጭ የተጠገነውን መልሶ ይበላል። ከዚያ በመስኮት ብርሃን ፊት ዘርግቶ ማየት ነው፤ አንድ ቀዳዳ ባለበት ሌላ አይጠፋም።

ቀዳዳው እንዳይታይ ማድረግ ሲባል ብዙ ሰው ዳርና ዳሩን ሰብስቦ መስፋት ይመስለዋል። እንዲህ ሲደረግ ዙሪያው ይጨማደዳል፣ ስፌቱም ከሩቅ ያስታውቃል። እውነተኛው ጥገና ብል የበላውን ረድፍ ቀለበት በቀለበት መልሶ መሥራት ነው። ተራ ሹራብን ከፊት ለፊቱ አስጠግታችሁ ብታዩት፣ እያንዳንዱ ቀለበት ሁለት እግር ያለው የ«ቪ» ቅርጽ ነው፤ እግሮቹም ከሥሩ ካለው ቀለበት ውስጥ ይወጣሉ። ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም።

ክር መምረጥ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ገበያ ላይ ለሹራብ የሚሸጠው ክር አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ በሱፍ መካከል ሲገባ ያብለጨልጫል። ለመለየት ትንሽ ቆርጦ በክብሪት ማቃጠል ነው፦ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸትና አመዱ በጣት ይፈረፍራል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ኳስ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ከዚያው ሹራብ የውስጥ ስፌት ትርፍ ወይም ከመለዋወጫ ቁልፉ ጋር ከተሰጠው ክር መውሰድ ነው። ቀለሙ ትንሽ ቢለይ ያልፋል፤ ውፍረቱ ከተለየ ግን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

አንድ ግራጫ ሹራብ እንውሰድ፤ ደረቱ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አለችው። የተበሉትን ጫፎች በዱልዱም መርፌ እያላቀቅን ስናጸዳ፣ አራት ቀለበት ስፋትና ሦስት ረድፍ ቁመት ያለው ክፍተት ቀረ። ከታች በኩል አራት ቀለበቶች አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ከላይ ደግሞ የሚቀጥለው ረድፍ እግሮች ተንጠልጥለዋል። ረድፉን ከክፍተቱ ጎን ባለው ጤነኛ ቦታ ላይ መቁጠር የግድ ነው። አንድ ረድፍ ከተረፈ ጥገናው ያብጣል፣ ከጎደለ ይጎትታል።

አሁን በቀጭን የልብስ ስፌት ክር፣ በተለየ ቀለም፣ ጊዜያዊ ድጋፍ እንዘረጋለን። ከታች ካለው ቀለበት ወጥቶ ወደ ላይኛው እየወጣ፣ ተመልሶ እየወረደ፣ ለእያንዳንዱ ቀለበት ሁለት ቋሚ ክር ይደርሰዋል። ክሩ ሹራቡን ሳይስብ ቀጥ ብሎ ብቻ ይቁም።

የሱፉን ክር ከክፍተቱ አንድ ቀለበት ቀድመን፣ ከጤነኛው ክፍል እንጀምራለን። መርፌው ከታችኛው ቀለበት መሐል ወደ ፊት ይወጣል፣ ከበላዩ ባሉት ሁለት ቋሚ ክሮች ጀርባ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል፣ ወደ ወጣበት ቀለበት ይመለስና ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። በዚህ አንድ አዲስ «ቪ» ተሠራ። ረድፉ ሲያልቅ ሹራቡን አዙሮ በተቃራኒው አቅጣጫ መቀጠል ይቻላል። ሁለቱ ረድፎች እንዲህ በቋሚዎቹ ላይ ይሠራሉ። ሦስተኛው ረድፍ ቋሚዎቹን ትቶ፣ በምትካቸው ከላይ በተንጠለጠሉት እውነተኛ እግሮች ጀርባ ያልፋል፤ ክፍተቱንም ይዘጋል። ቴሬዝ ደ ዲልሞን በ1886 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የእጅ ሥራ መጽሐፍ ውስጥም እንዲህ በድጋፍ ክር የሹራብን ቀለበት መልሶ መሥራት ይገኛል።

ጀማሪን የሚያሳስተው የእጅ ጥብቀት ነው። አዲሱ ቀለበት ከጎኑ ካለው ካነሰ ክሩ ተስቧል፣ በመርፌው ጫፍ መልሶ ማላላት ይቻላል። ሲጨርሱ የድጋፉን ክር መሳብ፣ የሱፉን ጫፎች በጀርባ በኩል በጉብታዎቹ ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ማስገባት ነው። ቋጠሮ አይደረግም፤ ጠንካራ እብጠት ሆኖ ፊት ላይ ይታያል። በመጨረሻ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ፣ ካውያውን ሳይጫኑ በእንፋሎቱ ብቻ ማሸት ቀለበቶቹን ያስተካክላል።

ይህ ዘዴ ቀለበቱ በግልጽ ለሚታይ ሹራብ እንጂ ለሁሉም አይሆንም። በማሽን እጅግ ደቆ የተሠራ ስስ ሹራብ ላይ ቀለበቱን ለማየት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ታጥቦ እንደ ባና የተጠቀጠቀ ሱፍ ላይ ደግሞ ቀለበቱ ራሱ ጠፍቷልና፣ በዚያ ላይ የሚሻለው ከጀርባው ሱፍ ለጥፎ በመርፌ መጠቅጠቅ ነው። ክፍተቱ ከሁለት ጣት ከሰፋም እኔ ብሆን ድካሙን ትቼ በሌላ ቀለም ጥልፍ አጌጠው ነበር።